ብርቱካን የሌለበት እንኳን አደረሰህ

የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት በገዛ ስልኳ ለአንድ ወንድ «እንኳን አደረሰህ» ለማለት የታላቅ ወንድሟን ፊርማ ትጠብቃለች ቢባል ማን ያምናል? በበዓሉ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በአንድ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ የሆነው ግን ይኸው ነው። ወንድምየው መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አስቀምጦ፣ የእህቱን ስልክ በግራ እጁ እንደ ክስ ማስረጃ ከፍ አድርጎ፣ በቀኝ እጁ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ፣ «ይኼ ብርቱካን ምን ፈልጎ ነው እዚህ የገባው?» ሲል ጠየቀ።

«ብርቱካን ነዋ ጋሼ። ትናንት ገዝቻለሁ።»

«መግዛትሽን መች ጠየቅኩሽ። ለሰውየው ለምን ሪፖርት ታደርጊያለሽ ነው የምልሽ።»

እናታቸው ዳቦ ይቆርሱ ነበር። «ፍሬ ነው እንግዲህ፣ ምን ክፉ አለው» አሉና ዝም አሉ። በዚያ ቤት ዝም ማለት የእናትየው ድርሻ ነበር።

ወንድምየው ሃያ ሰባት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የፕሮቶኮል ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አለቆቹ ለማያውቋቸው ሰዎች የሚልኩትን የደስታና የሐዘን መግለጫ ሲያረቅ ኖረ፤ ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱን ጠቅልሎ ወደ እናቱ ሳሎን አስገባው። ጎረቤቶቹ «ማኅተሙ» ይሉታል። በእያንዳንዱ በዓል ጠዋት የቤቱ ስልኮች በሙሉ አንድ ትሪ ላይ ይሰበሰባሉ። እሱ የእያንዳንዱን ሰው የእንኳን አደረሳችሁ መልዕክት አርቅቆ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ በየባለቤቱ ስልክ ይልካል፤ ማን እንደመለሰና ማን እንደዘጋን በሰማያዊ መዝገብ ይጽፋል። ይህን ሥርዓት ማንም ተቃውሞ አያውቅም። ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር «የቤታችን ደንብ» ብለው በኩራት ያወራሉ። ደንብ አይደለም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ቤት ማንም ለማንም የሚለው የራሱ ነገር ስላልነበረው ብቻ የቆመ ነገር ነው። እህትየው የሠራችው ስህተትም አንድ ብቻ ነው። መልዕክቷን ማታ ጽፋ ሳትልከው አደረች፤ ጠዋት ደግሞ እጇ እንደለመደው ስልኩን ትሪው ላይ አኖረው።

ሳትልከው ያደረችው ረስታ እንዳይመስላችሁ። ጥርስ ሠሪ ናት፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ላቦራቶሪ በጀሶና በሰም የሰው አፍ ስትቀርጽ የምትውል። ከአሥራ አራት ዓመት ሥራ የተማረችው ነገር ቢኖር፣ እኩል የተደረደረ ጥርስ የሰው እንደማይመስል ነው። አንዷን ትንሽ ዘመም ካላደረግሃት አፉ በሙሉ ያስታውቃል። መልዕክቱንም እንደዚያው ሠራችው። ከሌሊት ጀምሮ እስከ ሦስት ሰዓት ሰው ሁሉ አበባና ሻማ የተሳለበት ምስል እየገለበጠ ስለሚልክ፣ በዚያ ጎርፍ መሐል የገባ ቃል ይሰጥማል። ስለዚህ አራት ሰዓት ላይ ልትልከው ቆርጣ ነበር፤ ሰው ምስል መክፈት ሰልችቶት ስልኩን ሊያስቀምጥ ሲል። የጻፈችው ይህን ነበር፦

«እንኳን አደረሰህ። የነካኸው ሁሉ መሐል መንገድ ላይ ሳይቆም የሚደርስልህ ጊዜ ይሁንልህ። ብርቱካን ገዝቻለሁ፤ ብቻዬን ስበላው ግን ያን ያህል አይጣፍጥም። ከግርግሩ ካመለጥክ በደረጃው እወርዳለሁ፤ ሊፍቱን አላምነውም።»

መጀመሪያ ልብ የምትመስል ምልክት ነበረችበት፤ አጠፋቻት። «ናፍቀኸኛል» የሚልም ነበረበት፤ እሱንም አጠፋችው፤ ምክንያቱም ለናፍቆት መልስ የማይሰጥ ሰው እንደ ጨካኝ ይቆጠራል፣ እሷ ደግሞ ማንንም ጨካኝ ማድረግ አልፈለገችም። ምርቃቱ ብቻውን መቆም ነበረበት። ሰውየው ሌላው ካልጣመው «አሜን፣ አንቺንም» ብሎ ምርቃቱን ብቻ ይመልሳል፤ ማንም አያፍርም፣ ማንም አልተጠየቀም። ብርቱካኑ ግን ለሱ ብቻ ነው። ሁለት ወር ገደማ ይሆናል፣ ሊፍቱ በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መሐል አርባ ደቂቃ ይዟት ሲቆም፣ የሊፍት መካኒኩ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ በበሩ ስንጥቅ ሲያጫውታት ቆየ። ወጥታ ቦርሳዋ ውስጥ የነበረውን ብርቱካን ለሁለት ከፍላ ሰጠችው። «ሌላ ቀን ደግሞ ሳንፈራ እንበላለን» አላት። ከዚያ ወዲህ ሕንጻው ውስጥ ሊፍት ባልተበላሸበት ቀን ሁሉ መሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ሲመላለስ ይታይ ነበር። ቀኑ ያልተጠቀሰው፣ ሰዓቱ ያልተቆረጠው፣ «ካመለጥክ» ተብሎ የተተወው ሁሉ ታስቦበት ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፤ መግፋት የሱ ፈንታ ነው።

በዓሉ ደግሞ ብቸኛው ምክንያቷ ነበር። በሌላ ቀን «ደህና ነህ ወይ» ብትለው «ምን ሆንሽ?» ያስብላል፤ በበዓል ቀን ግን ሰው ለሚጠላውም ይልካል። ከዚህ የከፋውን መካኒኩ ራሱ ዓርብ ዕለት ነግሯታል፤ ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ወደ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ተዛውሯል። ሕንጻውም ሊፍቱም ለሌላ ሰው ይሰጣሉ። ያቺ መልዕክት ዛሬ ካልሄደች የምትሄድበት ቀን አልነበራትም።

ማኅተሙ ይህን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ገልብጦ ሰረዘው። «የነካኸው ሁሉ» የሚለውን ጸያፍ አለው። «ብቻዬን» የሚለውን የቤት ምስጢር ማውጣት አለው። ስለ ሊፍቱ የተጻፈውን የተቋም ስም ማጥፋት አለው። ብርቱካኑን ሁለት ጊዜ ሰረዘው። ከዚያም በራሱ ስልት አዘጋጅቶ፣ እህቱ እጇን ሳትዘረጋ ላከው፦

«ቁጥር 41። ለተከበሩ የሊፍት ጥገና ባለሙያ፦ በራሴና በመላው ቤተሰቤ ስም እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሰዎ እያልኩ፣ መጪው ጊዜ የጤናና የሥራ ስኬት እንዲሆንልዎ እመኛለሁ።»

«አሁን የሰው መልዕክት መሰለ» አለ።

እህትየው ተነስታ ሻይ ቀዳች፤ የቀዳችው ግን ቀድሞ በሞላ ብርጭቆ ላይ ነበር። እናቷ ጨርቅ አቀበሏት። ሦስቱም ጠረጴዛው ላይ የሚሄደውን ሻይ እያዩ ቆዩ። ስልኳን ብትነጥቀውስ? የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት ከስልሳ ሦስት ዓመት ሰው ጋር በበዓል ጠዋት ልትታገል ነው? ጨዋነት የሚባለው ነገር ሁልጊዜ የሚሠራው ለቀማኛው ነው፤ የተቀማው ሰው ድምፁን ከፍ እንዳያደርግ ይጠብቀዋል።

መልስ የመጣው ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ማኅተሙ አነበበው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠርጎ መልሶ አደረገ፣ እንደገና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«ቁጥር 17። ቁጥር 41 የሆነው መልዕክታችሁ ደርሶናል። ወንድሜ ዛሬ ተረኛ ነው፤ በተረኛ ክፍሉ የግል ስልክ ስለማይፈቀድ ስልኩ ቤት ይውላል። ስለዚህ በስሙ የምመልሰው እኔ ታላቅ እህቱ፣ ጡረታ የወጣሁ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። ለመላው ቤተሰብዎ ተመሳሳይ ምኞት አለን።»

«ቁጥር ሰጥታዋለች!» አለ ማኅተሙ። «ሰማሽ? ቁጥሬን ጠቅሳ በቁጥር መለሰች! በሃያ ሰባት ዓመት አንድ ሰው እንኳ…» አልጨረሰውም።

እህትየው የሰማችው ሌላ ነገር ነው። ተረኛ ነው። በእርግጥ ተረኛ ነው፤ ያ ኩባንያ ሚስትና ልጅ የሌለውን ሠራተኛ በየበዓሉ ተረኛ ያደርገዋል፤ ላላገባ ሰው በዓል አያስፈልገውም ያለውን አለቃ እስካሁን ማንም አልከሰሰውም። እንግዲህ መልዕክቷ፣ ብርቱካኑ ኖረበትም አልኖረበትም፣ ሰውየው ዘንድ አልደረሰም። በእሷ ስልክ ወንድሟ፣ በእሱ ስልክ እህቱ ተቀምጠዋል።

«ስልኬን ስጠኝ ጋሼ።»

«መልስ ሳልሰጥ? ፋይሉ ክፍት ነው እኮ!»

መኝታ ቤቱ ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገ። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ስልኩ ሦስት ጊዜ ጮኸ። በየመሐሉ አንገቱን ብቅ እያደረገ ይጠይቃል። «"ከልብ የመነጨ" ይበዛል?» እናቱ «አይበዛም» ይሉታል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «"ብርቅ" የሚለው ቃል ወይዘሮ ያስከፋል?» እናቱ «ማንን አስከፍቶ ያውቃል» ይሉታል። አምስት ሰዓት ላይ ግን ራሱ ወጣ። ፊቱን አልቦት ነበር፤ ስልኩን እህቱ ፊት አስቀምጦ በጣቱ አንድ መስመር ላይ ጠቆመ። እሱ ቁጥር 44 ላይ፣ ምስል እየገለበጡ መላክ በበዛበት ዘመን በራሱ ቃል የሚጽፍ ሰው ማግኘት ብርቅ መሆኑን ገልጾ ነበር። እሷ ደግሞ ይህን መልሳለች፦

«ቁጥር 20። እኔም አበባ የሚልክልኝን ሰው ስም ከስልኬ እሰርዛለሁ። የሰረዝኳቸው ስለበዙ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ጸጥ ይላል። በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር አለ፤ አንዱ ላይ ድመት ትተኛበታለች።»

«ድመት ትተኛበታለች ማለት ምን ማለት ነው?» አለ ማኅተሙ በዝግታ።

እህትየው ጽሑፉን አየችው። ብቻውን የሚቆም ቃል፣ ለሁለቱ ብቻ የሚገባ ነገር፣ ገርበብ ያለ በር። የሷው መልዕክት ነበር፤ ብርቱካኑን አውጥተው ድመት አስገብተውበት።

«ወንበሩ ሰው የለውም ማለት ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ሰው የለውም አትልም?»

«ካለችህማ ና ማለቷ ነው። አንተ ባትሄድ ታፍራለች። አሁን ግን ያወራችው ስለ ድመት ነው።» ከዚያ ጨመረችበት፦ «ግን ያቺ ድመት ምን ፈልጋ ነው እዚያ የገባችው?»

ማኅተሙ እስከ ጆሮው ቀላ። እናታቸው አንገታቸውን ደፍተው ፍርፋሪ ይለቅሙ ነበር። ወንድምየው ስልኩን መልሶ አነሳና ወደ መኝታ ቤቱ ገባ፤ ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ተሰማ። እህትየው «ስልኬን…» ብላ ልትከተለው ስትነሳ እናቷ ክንዷን ያዙ።

«ተይው» አሉ። «ለሱም እኮ ማንም ጽፎለት አያውቅም።»

ይህ በዚያ ቤት በሃያ ዓመት ውስጥ ስለ ማኅተሙ የተነገረ ትልቁ ነገር ነው። እህትየው ቆመች። ለራሱ አንድም ደብዳቤ ደርሶት የማያውቅ ሰው የሰውን ሁሉ ደብዳቤ ሲቆጣጠር መኖሩ ያሳዝናል፤ ግን ማዘን ሌላ ነው፣ ስልክ ማስረከብ ሌላ ነው። የላቦራቶሪዋን ቁልፍና ከማቀዝቀዣው ላይ ሁለት ብርቱካን አንስታ ወጣች። ብርቱካኑን ለበዓል ተብሎ በእጥፍ ዋጋ ነበር የገዛችው፤ ሻጯ «ጣፋጭነቱን ጨምረሽ ክፈይ» እያለች ነበር የመዘነችላት።

ሕንጻው ባዶ ነው። ዘበኛው መግቢያው ላይ ሬዲዮውን ሆዱ ላይ አድርጎ ተጋድሟል፤ «በበዓልም ጥርስ ይሠራል እንዴ እትዬ?» አላት። «አንድ የቀረኝ አለ» አለችው። ሊፍቱ ምድር ቤት ቆሞ ነበር። ከዚያች የአርባ ደቂቃ ቀን ወዲህ እግሯን አስገብታበት አታውቅም፤ የጀሶ ከረጢት ሳይቀር በጀርባዋ እያዘለች አምስት ፎቅ ወጥታለች። አሁን ግን በከተማው ውስጥ ወንድሟም የመካኒኩ እህትም ያልያዙት አንድ መስመር ብቻ ነበር የቀረው። ገባች። አንድ እግሯን በሩ ላይ አድርጋ፣ ደወል የተሳለበትን፣ ከተረኛው ክፍል ጋር የሚያገናኘውን ቀይ ቁልፍ ተጫነች። ከግድግዳው ውስጥ ተንጫጫ፣ ቀጥሎ ድምፅ መጣ።

«የሊፍት አገልግሎት ተረኛ። የት ነው የተያዙት?»

«አልተያዝኩም።»

 «የሕንጻው ቁጥር ሰሌዳው ላይ ታየኝ» አለ፣ ድምፁ ተለውጦ። «አንቺ ነሽ? ምን ሆንሽ?»

«ምንም። እንኳን አደረሰህ ልልህ ነው።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ይሄ መስመር ግን የአደጋ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ስልክህ ላይ ወንድሜና እህትህ እያወሩ ስለሆነ ነው። ስለ ድመት።»

«ስለኛ ድመት?» አለና ሳቀ፤ ግድግዳው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ማታ ስትሰርዝና ስትጽፍ ያደረችውን በቃሏ ይዛዋለች። «የነካኸው ሁሉ መሐል መንገድ ላይ ሳይቆም የሚደርስልህ ጊዜ ይሁንልህ» አለችው ለግድግዳው። «ብርቱካን ይዣለሁ። ብቻዬን ስበላው ያን ያህል አይጣፍጥም።»

ድምፅ ጠፋ። ተንጫጫ። ስልክ ላይ ቢሆን ሁለት ምልክት ታይቶ ሰውየው ማንበቡ ይታወቃል፤ እዚህ ግን የሚታይ ነገር የለም፤ በጥፍር የተጻፈ ስም ያለበት ግድግዳ ብቻ ነው።

«አሜን» አለ በመጨረሻ። «አንቺንም» ካለ አለቀ። «ግን ስሚኝ፣ ከዚህ ክፍል የምወጣው ሰው ተይዟል ተብሎ ከተመዘገበ ብቻ ነው። የተረኛ ስልኩን ይዤ፣ መኪናውን አስነስቼ። ያልተያዘ ሰው ተይዟል ብዬ አልጽፍም። ሥራዬ ነው።»

«ከተያዝኩ ትመጣለህ?»

«ከተያዝሽማ ግዴታዬ ነው።»

እግሯን ከበሩ አነሳች። በሩ ተዘጋ። አምስትን ተጫነች፤ ሊፍቱ አቃስቶ ተነሳ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለ። ሦስትን እንዳለፈ «ማቆሚያ» የሚለውን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ሊፍቱ ተንገጫግጮ ቆመ፤ መብራቱ ደብዘዝ አለ። 

«አሁን ተይዣለሁ» አለች። «ሦስትና አራት መሐል።»

«መዘገብኩ» አለ ድምፁ።

በአሥራ ስምንት ደቂቃ ደረሰ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ሲዘል ይሰማ ነበር። የአራተኛውን ፎቅ በር በቁልፉ ፈልቅቆ ሲከፍተው፣ በሊፍቱ ጣሪያና በወለሉ መሐል ክንድ የሚያሳልፍ ክፍተት ተገኘ። በሆዱ ተኝቶ ቁልቁል አያት። የደንብ ልብሱ የደረት ኪስ ውስጥ የተረኛ ስልኩ ይብለጨለጫል። «ላውርድሽ?» አላት።

«ስንጨርስ።»

ብርቱካኑን ልጣ ግማሹን በክፍተቱ አቀበለችው። እሱ ወለሉ ላይ ተጋድሞ፣ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ በሉ። የመጀመሪያው ኮምጣጣ ነበር፤ ሻጯ ለጣፋጭነቱ ያስከፈለችው በከንቱ ነው፤ ሁለቱም ጣፋጭ ነው አሉ። አዲሱ ቦታው ስድስት ሊፍት ያለው ሕንጻ መሆኑን፣ ስድስቱም ደህና መሆናቸውን እያማረረ ነገራት። «ሰው አይያዝበትም። ምን እሠራለሁ?» አለ። ከዚያ ፍሬውን አላምጦ ሲጨርስ፣ «ቅዳሜ ግን ተረኛ አይደለሁም» አለ።

ስለ ቅዳሜ ብቻ ነበር ያወራው። እሷ ግን ገባት።

«ቅዳሜ እኔም ጥርስ አልሠራም» አለችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ስትገባ ማኅተሙ በሙሉ ልብሱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሱሪው ጉልበቱ ድረስ የድመት ፀጉር ሆኗል። ስልኳ ፊቱ ነበር፤ አጠገቡ አንድ ገጽ ሙሉ ረቂቅ፣ ሦስት ቦታ የተሰረዘ። ሰማያዊው መዝገብ ግን ተዘግቶ የእናትየው የሹራብ ክር ተቀምጦበታል። እህቱን ሲያይ ተነሳ፤ መልሶ ተቀመጠ።

«የምስጋና መልዕክት ነው» አለ። «ስለ መስተንግዶው። ከመላኬ በፊት… እስቲ እይልኝ።» ቀይ እስክሪብቶውን አዙሮ፣ ጫፉን ወደ ራሱ አድርጎ ዘረጋላት።

አነበበችው። «በራሴና በመላው ቤተሰቤ ስም» የሚል ነበረበት። «በሁለቱ ወገኖች መካከል የተጀመረው መልካም ግንኙነት» የሚል ነበረበት። አምስት ቦታ «ከልብ የመነጨ» ይላል። ጠዋት የሠራባትን ልትሠራበት ትችል ነበር፤ እጁ ላይ ያለው የድመት ጭረት ዓይኗ ውስጥ ገባ። ከላይ ጀምራ ሰረዘች። ቤተሰቡን ሰረዘች፣ ወገኖቹን ሰረዘች፣ አምስቱንም ልቦች ሰረዘች። ታች አንድ መስመር ብቻ ተረፈች፤ እሱ ራሱ በቅንፍ ውስጥ ከትቶ፣ አፍሮባት የጻፋት።

«ድመቷን ሰላም ይበሉልኝ፤ ወንበሯን ወስጄባታለሁ።»

«ይቺ ብቻ?» አለ ማኅተሙ።

«እሷ ብቻ።»

«ቁጥርስ? አርባ ስምንት ነው የደረስነው።»

«ቁጥር የለውም ጋሼ።»

እናታቸው ሹራባቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ያዩት ነበር። ማኅተሙ በአንድ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል ጻፋት። ሲጨርስ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ፤ በሃያ ሰባት ዓመት ያለ ቁጥር፣ ያለ ማኅተም፣ ያለ «በመላው ቤተሰቤ ስም» አንድም ነገር ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ዓይኑን ጨፍኖ ላከው። ከዚያም ሳይገልጠው፣ «አየችው?» ሲል እህቱን ጠየቃት።